ንቅሳትን ከፎቶ ላይ ለመሸፈንም ለመጨመርም፦ ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ ወይስ አፊኒቲ?

የሠርግ ፎቶ የሚያነሱ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፦ ሙሽራዋ ክንዷ ላይ የተነቀሰችው የድሮ ስም ከአልበሙ እንዲጠፋላት ትፈልጋለች፤ ለዚህ የቱን ፕሮግራም ልግዛ? ንቅሳት ቤት የከፈቱት ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቁኛል፤ መርፌው ቆዳ ሳይነካ ሥዕሉ ክንድ ላይ ምን እንደሚመስል ለደንበኛው ማሳየት ይፈልጋሉ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ አፊኒቲን አውርዱ፤ ለፕሮግራም ያሰባችሁትን ገንዘብ ለተሻለ መብራት አውሉት።

ከዋጋው እንጀምር። ፎቶሾፕ የሚገኘው በኪራይ ነው። በወር 9.99 ዶላር የነበረው ርካሹ የፎቶግራፍ ጥቅል ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ አይሸጥም፤ ቀጣዩ ጥቅል በወር 19.99 ነው። በዓመት 240 ዶላር ገደማ ማለት ነው፤ የዕለቱን ምንዛሪ ራሳችሁ አባዙት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዋጋው የሚብሰው አከፋፈሉ ነው፤ በየወሩ ዶላር የሚያስተላልፍ ካርድ ያስፈልጋል፤ ክፍያው ከተቋረጠ ሥራ በተደራረበበት የሠርግ ወቅት ፕሮግራሙ ሊዘጋባችሁ ይችላል። አፊኒቲ ፎቶ በአንጻሩ በአንድ ጊዜ ክፍያ 70 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር፤ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፊኒቲ በሚባል አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተጠቃልሎ ነጻ ሆኗል። የሚጠይቀው ነጻ የካንቫ አካውንት ብቻ ነው። የሚከፈልባቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ አያስፈልጉም።

በፍላሽ የሚሸጠውን የተሰበረ ፎቶሾፕ ተዉት። አንድ የሙያ ባልደረባዬ በጥቂት ብር ገዝቶ ሲጭነው መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ አዘዘው። እሱም አጠፋው። ብዙም ሳይቆይ የደንበኞቹ ፋይሎች ተቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ብቻ ቀረለት። ከኩባንያው ሰርቨር ጋር የሚሠሩት መሣሪያዎችም ቢሆኑ በዚህ ቅጂ ላይ አይከፈቱም።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ክንድ። መስኮቱ በግራ በኩል ነው፤ ክንዱ ከግራ ወደ ቀኝ እየጨለመ ይሄዳል። የስልክ መተግበሪያ እዚህ ላይ ቆዳውን አደብዝዞ ያልፋል፤ ስሙ ይጠፋል፤ የቆዳው ቀዳዳና ጸጉርም አብረውት ይጠፋሉ። መፍትሔው ቀለምንና ብርሃንን ከቆዳው ሸካራነት መለየት ነው። በፎቶሾፕ ይህ በእጅ የሚሠራ ነው፦ ሌየሩን ማባዛት፣ ማደብዘዝ፣ Apply Image፣ ከዚያ Linear Light። አፊኒቲ Frequency Separation በሚል ትእዛዝ ሁለቱን ሌየሮች፣ ቀለሙን ከታች ሸካራነቱን ከላይ አድርጎ፣ ራሱ ያወጣቸዋል። Radius የሚለውን ቁጥር፣ በታችኛው ሌየር ላይ ጸጉሩና ቀዳዳው እስኪጠፉ ድረስ ብቻ ከፍ አድርጉት።

በታችኛው ሌየር ላይ ንጹሕ ቀለም ስትወስዱ በክንዱ ርዝመት ሂዱ፤ ወደ እጅ አንጓ ወይም ወደ ክርን። ከጎን አትውሰዱ። ክንድ ክብ ስለሆነ ብርሃኑ በፍጥነት የሚለወጠው በዙሪያው ነው፤ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። በላይኛው ሌየር ደግሞ የጸጉሩን አቅጣጫ ተከትላችሁ ሸካራነቱን ቅዱ። ሲጨርሱ ብዙዎች የሚስቱት ሰማያዊ አረንጓዴ ጥላ አለ፤ ከላይ ጊዜያዊ ሌየር አስቀምጡና የቀለም ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት፤ የተረፈው ቀለም ወዲያው ይታያል።

መጨመሩ ላይ አፊኒቲ ይበልጥ ያሸንፋል። ሥዕሉን በMultiply አስቀምጡና በMesh Warp ጠምዝዙት፤ ወደ ክንዱ ጠርዝ የሚጠጋው ክፍል መጥበብ አለበት፤ አለዚያ እንደ ተለጠፈ ስቲከር ይቆያል። ከዚያ Displace የሚለው ማጣሪያ መስመሩን ከጡንቻውና ከእጥፋቱ ጋር ያስኬደዋል። ፎቶሾፕ ለዚህ እንደ ካርታ የሚያገለግል፣ ለብቻው የተቀመጠ PSD ፋይል ይጠይቃል፤ አፊኒቲ ግን ከሥር ካሉት ሌየሮች ራሱ ያነብባል። ካርታው በደንብ ካልደበዘዘ እያንዳንዱ ቀዳዳ መስመሩን ይበጣጥሰዋል፤ ጥንካሬውንም ዝቅ አድርጉት።

የንቅሳት ቀለም የሚቀመጠው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ነው። ስለዚህ የቆዳው ነጸብራቅ ከቀለሙ በላይ መታየት አለበት፤ በBlend Ranges ደማቁን ክፍል መልሱት። በጠይም ክንድ ላይ ድፍን ጥቁር ቀለም ቀዳዳ ይመስላል፤ ስለዚህ ቀለሙ ጥቂት ወደ ሰማያዊ ይሂድ፤ የሥዕሉም ጠርዝ ከፎቶው ጥራት ጋር እስኪስማማ ትንሽ ይደብዝዝ።

ጊምፕም ነጻ ነው፤ በWavelet Decompose መሸፈኑን በሚገባ ይሠራል። ነጸብራቁን ለመመለስ ግን ማስክ ለብቻው ማዘጋጀት ግድ ይላል፤ ጊዜ ይበላል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ወይም ኮምፒውተራችሁ ያረጀ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ፎቶሾፕን የምመክረው ከነሌየሩ PSD እንዲላክለት ለሚጠይቅ የማስታወቂያ ድርጅት ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኪራዩን በደንበኛው ሒሳብ ውስጥ ያስገባው።