ውሻ ለነከሰው ሰው የምጠቁማችሁ ነርስ

ፍኖተ ሰላምና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካጋጠማችሁ ጤና ጣቢያችን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እዚያ ያለችውን ነርስ ከልቤ ላመስግናት። ስሟ እንዲነሳ ስላልፈለገች አልጠራትም።

የእህቴን ልጅ እጁ ላይ የነከሰው የሰፈር ቡችላ ነው። ሳይነካው መጥቶ ነክሶት ሮጠ። ቁስሉን ብታዩት ምንም አይመስልም። አውራ ጣቱ ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ አጠገባቸው አንድ ቀይ ጭረት። ደሙ ወዲያው ቆሟል። ጎረቤት ሁሉ "ይቺማ ምን አላት" አለ።

ነርሷ እጁን ቧንቧ ሥር አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አጠበችው። ልጁ ቢያለቅስም አላቋረጠችም፣ እያባበለች ቀጠለች። ከዚያ አዮዲን ቀባችው። አልሰፋችውም። የውሻ ጥርስ ላዩ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ቀዳዳ ስለሚተው፣ ቢሰፋ ጀርሙ ውስጥ ይታፈናል አለችን። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አጣራች።

በመጨረሻ እስክሪብቶ አወጣችና በቅላቱ ዳር ዳር መስመር አሰመረች። "ቅላቱ ይህን ካለፈ፣ ካበጠ፣ ካተኮሰ ወይም መግል ከያዘ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ" አለች። በማግስቱ ጠዋት ቅላቱ መስመሩን አልፎ ወደ አንጓው ወጥቷል። ወሰድነውና አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። መስመሩ ባይኖር ማን ልብ ይለው ነበር?

እሷ አጥብቃ የነገረችን ሌላው ነገር ግን ዓይን የማያየው ነው። ኢንፌክሽን ቁስሉ ላይ ይታያል፣ የእብድ ውሻ በሽታ አይታይም። ቫይረሱ በምራቅ ይገባና በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ቁስሉ ድኖ ከተረሳ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክትባቱ የቁስሉን መክፋት አይጠብቅም፣ ቡችላ ነው ተብሎም አይተውም።

ደም ስለነበረው ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒትም ያስፈልገው ነበር። ሁለቱም ጤና ጣቢያው ውስጥ አልነበሩም። በደፈናው ሪፈር ጽፋ አልሸኘችንም። ስልክ ደውላ የት እንዳለ አረጋግጣ ነው የላከችን። ባዶ እጁን ከሆስፒታል የተመለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እናቴ ጸበል እንውሰደው ስትላትም አልተቆጣቻትም። "እማማ፣ ጸበሉንም ይውሰዱት፣ ክትባቱ ግን ዛሬ ይጀመር" አለቻት። እናቴም እሺ አለች።

ውሻው ባለቤት ካለው አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት፣ ክትባቱን ግን እየጠበቃችሁ አታዘግዩ። እስከዚያ ደህና ከሆነ ክትባቱ ይቁም አይቁም ባለሙያው ይወስናል። የኛው ቡችላ ግን የገባበት ስለጠፋ ልጁ ሳያቋርጥ ጨርሷል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ተወግቷል።

እሷ ጋ ስትሄዱ ውሻው የማን እንደሆነና የት እንዳለ ጠይቃችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንን ነው።