ሽበት ወይስ የፊት መጨማደድ? ወጣት ተዋናይን ለመድረክ ማስረጀት

የ28 ዓመት ተዋናይ የ60 ዓመት አባት ሆኖ ሊጫወት ነው፤ ተመልካቹ ግን ያው ተዋናይ መሆኑን ሊለይ ይገባል። እኔ መጀመሪያ የምነካው ፀጉሩን ነው። ሽበት የፊትን ቅርጽ አይለውጥም፤ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠም ይታያል። ንጹሕ ነጭ ቀለም ግን በጥቁር ፀጉር ላይ፣ በመድረክ መብራት፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ስለዚህ ጥቂት ቢጫ እቀላቅልበታለሁ። ከጆሮ ግንዱ ጀምሬ በጥርስ ብሩሽ የፀጉሩን ጫፍ ብቻ አስነካለሁ። ቅንድቡና ጢሙ ከተረሱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

መጨማደድ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስመሩን ከራሴ ካመጣሁት ሌላ ሰው ይወጣል። ተዋናዩ ግንባሩን እንዲቋጥር፣ ከዚያም ፈገግ እንዲል እጠይቀዋለሁ፤ ቆዳው ራሱ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ቀጭን ቀላ ያለ ቡናማ መስመር አሰምራለሁ። ጥቁር ከሆነ እድፍ ይመስላል። የመስመሩን አንድ ጠርዝ እንዳለ ትቼ ሌላውን በጣቴ አደበዝዛለሁ፤ ከጎኑም ፈካ ያለ ቀለም አኖራለሁ። ከሩቅ ያሳምናል፤ ለካሜራ ቅርብ ቀረጻ ግን ቀለምነቱ ይጋለጣል።

ሽማግሌን ወጣት ለማስመሰልም ፀጉር ይቀድማል፤ እውነተኛ የቆዳ እጥፋት በቀለም ቢፈካም አይጠፋም።