በጊምፕ ዳራ ለመቀየር፦ ፓዝ ወይስ የለሰለሰ ምርጫ?

ደሴ ውስጥ በሰማያዊ ግድግዳ ፊት ፎቶ የተነሳች ሙሽራን ከጦሳ ተራራ ፊት ማቆም ተፈለገ እንበል። የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሙ ጊምፕ ነጻ ስለሆነ ሁለቱም መንገዶች ገንዘብ አይጠይቁም። ልዩነቱ ጊዜውና የጠርዙ ጥራት ነው።

ፓዝ፦ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነጥብ በነጥብ እየተጫኑ፣ ኩርባ ላይ እየጎተቱ በሙሽራዋ ዙሪያ መስመር ያዞራሉ። ነጥቡን ከልብሱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ `Enter` ሲጫኑ ምርጫ ይሆናል። ፋይሉን በ`XCF` ካስቀመጡት መስመሩ ስለሚቆይ ነገም ይታረማል።

የለሰለሰ ምርጫ፦ በእጅ ቶሎ ይከበባል፤ ከዚያ `Select > Feather`። አደጋው ግን እዚህ ነው። ማለስለሱ ከመስመሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ስለሚዘረጋ አሮጌው ሰማያዊ በትከሻዋ ዙሪያ እንደ ጭጋግ ይቀራል። አስቀድሞ `Select > Shrink` በ2 ፒክስል፣ ቀጥሎ ማለስለስ በ2 ወይም 3 ፒክስል ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። ትልቅ ፎቶ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ይፈልጋል።

በየትኛውም መንገድ ዳራውን አትሰርዙ! ተራራውን ከታች ባለው ሌየር አስቀምጡ፤ በሙሽራዋ ሌየር ላይ `Layer > Mask > Add Layer Mask` ብላችሁ `Selection` ምረጡ። የተሳሳተው ማስኩ ላይ በጥቁር ብሩሽ ይደበቃል፣ በነጭ ይመለሳል።

ለነጠላ ጥለት፣ ለትከሻና ለክንድ ፓዝ ይመረጣል። ለተበተነ ፀጉር ደግሞ የለሰለሰው ምርጫ ይስማማል፤ ፓዝ ፀጉርን በመቀስ የተቆረጠ ያስመስለዋል። እኔ ለልብሱ ፓዝ ተጠቅሜ፣ ፀጉሩን ማስኩ ላይ በለስላሳ ብሩሽ እጨርሳለሁ።