የመንግሥት ሥራ ወይስ የግል? መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ እዚሁ ጎንደር በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ መጣላት። አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቋሚ ቅጥር፣ 11,500 ብር። ሌላው ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ነው፤ "20,000 እንከፍልሻለን" ብለዋታል። እናታችን የመንግሥቱን አለች፣ ጓደኞቿ የሆቴሉን። እኔ ውሉን አምጪው አልኳት።

ውሉ ላይ የተጻፈው ደመወዝ 8,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 12,000 በእጅ ይሰጥሻል ተብላለች።

እስቲ 20,000ው በሙሉ ደመወዝ ተብሎ ቢጻፍ ብለን እናስላው። ግብር 4,950፣ የጡረታው 7 በመቶ 1,400 ሲቆረጥ 13,650 ብር እጇ ይገባል። ከመንግሥቱ 11,500 ላይ ደግሞ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ሲነሳ 8,595 ይቀራታል። ስለዚህ ልዩነቱ ሲወራ እንደሚመስለው 8,500 ሳይሆን 5,055 ብር ነው። ይሄም ቢሆን ለጀማሪ ትልቅ ብር ነው፣ አዘዞ ለሚከራይ ሰው ብዙ ይሸፍናል።

12,000ው በእጅ ከተከፈላት ግን ግብርና ጡረታ የሚቆረጠው ከ8,000ው ላይ ብቻ ስለሆነ ወር በገባ ቁጥር 18,290 ትይዛለች። የሚያጓጓውም እሱ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሆቴሉ ሲቸገር ነው። የጎንደር ሆቴል ለጥምቀት ሰሞን ክፍል ይጠፋበታል፤ ክረምት ላይ ወይም መንገድ ሲዘጋ ግን ባዶ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚቀነሰውም አዲስ ሠራተኛ ነው። ሁለት ዓመት ሠርታ ብትቀነስ መደበኛው የሥራ ስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለሁለተኛው የዚያ ሲሶ ነው። በ20,000 ሲሰላ 26,667 ብር ነበር፤ በ8,000 ግን 10,667 ብቻ። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታም ከ2,200 ወደ 880 ይወርዳል። በእጅ ተቀበልኩ ብላ ብትከራከር ምን ማስረጃ ታመጣለች?

እኔን ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ እኮ እሷ ናት። ያንን 8,000 የሚለውን ፔሮል በየወሩ አዘጋጅታ የምትፈርመው፣ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣም ቀድማ የምትጠየቀው እሷ ራሷ ልትሆን ነው።

ብዙ ሰው የግል ሥራ ጡረታ የለውም ይላል፣ ልክ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኛም በሕግ ጡረታ አለው፣ መዋጮው እንደ መንግሥቱ 7 እና 11 በመቶ ነው። ዋናው ነገር በእርግጥ መከፈሉ ነው፤ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ጠይቂ፣ ደመወዝሽም በባንክ ይግባ። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ስለዚህ የመንግሥቱን ዕድል ከመተዋ በፊት ይሄንን ማሰብ አለባት።

በ8,000 ውል ከሆነ የመንግሥቱን ትግባ ባይ ነኝ። 16,000 በሙሉ ደመወዝ ተብሎ ከተጻፈላት ግን ተቆራርጦ 11,330 ይደርሳታል፣ ያኔ ሆቴሉን እመርጥላታለሁ። ትናንት ሄዳ ይህንኑ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ እነግርሻለሁ ብሏታል። የመንግሥቱ ሪፖርት ማድረጊያ ቀን ሐሙስ ነው።