ኦሪጅናል ስፕሌይ፣ ፎርጅድ ስፕሌይ ወይስ ሬድ-ብላክ? የሦስቱም ዋጋ ተቆጥሮ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ለሱቅ ሶፍትዌር ስፕሌይ ትሪ ይሻላል ወይስ ሬድ-ብላክ ትሪ? ሁለቱም እቃን በኮዱ ቶሎ ለማግኘት ዳታ የሚደረደርባቸው ዛፎች ናቸው፤ ሬድ-ብላክ ቁመቱን ሁልጊዜ አጭር አድርጎ ይጠብቃል፣ ስፕሌይ ደግሞ የተፈለገውን ወደ ላይ ያወጣል። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት የሱቅ ማሽን ኦሪጅናሉን ስፕሌይ እመርጣለሁ። ኦሪጅናሉን ያልኩት ፎርጅዱ፣ ማለትም የስፕሌይን ስም ይዞ አሠራሩ የተሳሳተ ኮድ፣ ስላቃጠለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ላለ የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ሱቅ የስቶክ ፕሮግራም ሠራሁ። የእቃው ኮድ 20,000 ገደማ ነው፤ ቀን በቀን የሚወጣው ግን ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ካቦ እያለ 40 ቢሆን ነው። በቅርብ የተነካውን እቃ ወደ ላይ የሚያመጣ ዛፍ ለዚህ የተፈጠረ መሰለኝና "ስፕሌይ" የሚል ስም ያለው ኮድ ከአንድ ቦታ ገልብጬ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ጠዋት ሲከፈት እቃዎቹን በኮድ ቅደም ተከተል ከፋይል ይጭናል፤ ከዚያ ያለቀውን ለመለየት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ይፈልጋቸዋል። ባለሱቁ አሮጌ ታብሌት ላይ ነው የሚሠሩት። "ልጄ፣ ደንበኛ ቆሞ ይኼ ነገር ይዞረኛል" አሉኝ። "ጋሼ፣ ታብሌቱ አርጅቶ ነው" አልኳቸው። ተሳስቼ ነበር።

ጥፋቱ የገባኝ እቃውን ወደ 7 አውርጄ በወረቀት ስከተለው ነው። ከ1 እስከ 7 በተራ አስገቡ። አዲስ የገባው ሁልጊዜ ትልቁ ስለሆነ በአንድ ሮቴሽን ብቻ፣ ማለትም ከወላጁ ጋር አንዴ ቦታ በመለዋወጥ፣ የዛፉ አናት የሆነው ሥር ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ማስገባት ርካሽ ነው፣ ዛፉ ግን አንድ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይሆናል፤ 7 ላይ፣ 1 ታች። እዚህ ድረስ ፎርጅዱም ኦሪጅናሉም አንድ ናቸው።

አሁን 1ን ፈልጉ። ሁለቱም 7 ኖድ ይነካሉ፣ ሁለቱም 1ን ሥሩ ላይ ያወጡታል። ልዩነቱ ከኋላ የሚተዉት ዛፍ ነው። ፎርጅዱ 1ን ከወላጁ ጋር፣ ከዚያ ከሚቀጥለው ጋር እያቀያየረ አንድ አንድ ደረጃ ያወጣዋል። በመጨረሻ 1 ላይ ሆነ፣ ከሥሩ ግን 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ያው በሰንሰለታቸው ናቸው። 2ን ስትፈልጉ እንደገና 7 ትከፍላላችሁ። ለ3 6፣ ለ4 5 እያለ ዙሩ ሲያልቅ ድምሩ 34 ነው፤ ዛፉም ተመልሶ የመጀመሪያው ሰንሰለት ይሆናል።

ኦሪጅናሉ ሁለት ሁለት ደረጃ ነው የሚወጣው። የሚፈለገው ኖድና ወላጁ በአንድ ጎን ከተሰለፉ፣ ማለትም ዚግ-ዚግ ከሆነ፣ መጀመሪያ አያትየውን ነው የሚያዞረው፣ ከዚያ ወላጁን። ስለዚህ 1 ሥሩ ላይ ሲደርስ መንገዱ ላይ የነበሩትም አብረው ይጠጋሉ። ከ1 ሥር 6 ይሆናል፣ 6 ደግሞ 4ንና 7ን ይይዛል፣ 4 ደግሞ 2ንና 5ን፣ 3 ከ2 ሥር። ረጅሙ መንገድ ከ7 ኖድ ወደ 5 ወረደ። 2ን ስትፈልጉ 4 ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ዛፉ ጭራሽ ተስተካክሎ ከ4 ኖድ የሚረዝም መንገድ የለውም። የሙሉ ዙሩ ድምር 23 ነው።

34 ከ23 ጋር ሲታይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። በ20,000 እቃ ግን የፎርጅዱ አንድ ዙር 200,029,999 ኖድ መንካት ነው። በአማካይ ለአንድ እቃ 10,000! እቃው እጥፍ ሲሆን የጠዋቱ ጥበቃ አራት እጥፍ ይሆናል። ሬድ-ብላክ ለአንድ እቃ 14 ገደማ ይጠይቃል፣ ቢበዛ ቢበዛ 28። ኦሪጅናሉ ስፕሌይ በቅደም ተከተል ሲታለፍ ለአንድ እቃ የሚከፈለው ትንሽና በእቃው ብዛት የማያድግ ነው።

የፎርጅዱ ጥገና ሁለት መስመር ማቀያየር ብቻ ነበር። ትክክለኛው ይኸው፤ `x` የሚፈለገው ኖድ፣ `p` ወላጁ፣ `g` አያትየው ነው፤ የቀኙም ወገን እንደዚሁ ነው፦

```
if (p->left == x && g->left == p) {
    rotateRight(g);
    rotateRight(p);
}
```

የእኔ ኮድ `p`ን አስቀድሞ ነበር የሚያዞረው። ስሙም አጻጻፉም ስለሚመሳሰል ዓይን አይለየውም፣ ውጤቱም ትክክል ስለሆነ የተለመደው ፈተና አይይዘውም። የምትገለብጡትን ኮድ እንዲህ ሞክሩት፦ ከ1 እስከ 7 አስገቡ፣ 1ን ፈልጉ፣ ረጅሙን መንገድ ቁጠሩ። 5 ኖድ ከሆነ ደህና ነው። 7 ከሆነ ፎርጅድ ነው።

አሁን "አሞርታይዝድ" የሚለውን ቃል በዚሁ ምሳሌ እዩት። 1ን ለማግኘት 7 መክፈል ውድ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት 7 እቃ በርካሽ አስገብተናል። ያ ያልተከፈለ ልዩነት በዛፉ መርዘም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ውዱ ፍለጋ ሲመጣ ዛፉን ስለሚያሳጥረው ተመሳሳይ ውድ ፍለጋ ወዲያው ሊደገም አይችልም። ስሌተርና ታርጃን በ1985 ያሳተሙት ማረጋገጫ ይኼንን በቁጥር አስሯል፤ የአንድ ፍለጋ አሞርታይዝድ ዋጋ ከ3 log₂ n + 1 ሮቴሽን አይበልጥም። ለ20,000 እቃ ይኼ 44 ገደማ ነው። ፎርጅዱ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ ሰንሰለቱን ሳያሳጥር ስለሚያልፍ ያንኑ ዕዳ ደጋግሞ ያስከፍላል።

"44 እኮ ከ28 ይበልጣል" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። 20,000ውም እቃ በእኩል ዕድል የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ ያለማመንታት ሬድ-ብላክ እላችሁ ነበር፣ በሲ++ `std::map` እና በጃቫ `TreeMap` ውስጥም ተዘጋጅቶ ይገኛል። ግን ሱቅ እንደዚያ አይሸጥም። በስፕሌይ የአንድ እቃ ዋጋ የሚወሰነው ካለፈው ፍለጋው ወዲህ ስንት የተለያዩ እቃዎች በተፈለጉት ነው፤ የዚያ ብዛት ሎጋሪዝም በቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ማለት ነው። ካንዴላ ከተሸጠ በኋላ 40 ዓይነት እቃ ቢነካ የ40 ሎጋሪዝም 5 ገደማ ነው፣ የ20,000 ግን 14። ቀሪዎቹ 19,960 እቃዎች ታች ተኝተው ማንንም አያስቸግሩም። ሬድ-ብላክ ላይ ካንዴላ ታች ከወደቀ ግን በቀን መቶ ጊዜ ቢሸጥም እዚያው ታች ነው።

ኦሪጅናሉንም የማትገዙበት ቦታ አለ። ስፕሌይ ሲያነብም ይጽፋል፣ እያንዳንዱ ፍለጋ ዛፉን ስለሚቀይር። ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈልግበት ሰርቨር ላይ ለማንበብ እንኳ መቆለፍ ያስፈልጋል፣ ያኔ ሬድ-ብላክ ይቀድማል። ደግሞ 44 የሚለው የብዙ ፍለጋ ሒሳብ ነው እንጂ የአንዱ አይደለም። ልክ ጠዋት እንደጫናችሁ 1ን ብትፈልጉ 20,000ውንም ኖድ ያልፋል። እያንዳንዱ ፍለጋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መመለስ ያለበት ሥራ ከሆነ ስፕሌይ አይሆናችሁም።

የጋሼ ሱቅ አንድ ታብሌት፣ አንድ ሰው ነው። ሁለቱን መስመር አቀያይሬ በማግስቱ ጠዋት አብረን ከፈትን። ያለቁት እቃዎች ዝርዝር ገና ጣታቸውን ሳያነሱ ወጣ። ሁለተኛ መሸጫ ሊከፍቱ ያስባሉ፤ ሁለቱ ታብሌቶች በአንድ ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ከሆነ ያንን በሬድ-ብላክ ነው የምሠራላቸው።