ጉግል ቲቪ፣ ፋየር ቲቪ ወይስ ሮኩ? ቴሌቪዥኑ ከእጅ ሲወጣ አካውንትዎን ማላቀቅ የሚቀለው በየትኛው ነው

ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን ሸጦ ካስረከበ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንድ ማታ በስልኩ ፊልም ሊያይ ሲከፍት፣ ጀምሮ ያቋረጣቸው ፊልሞች በሚደረደሩበት ቦታ እርሱ ከቶ ያልከፈታቸው የልጆች ካርቱኖች ተሰልፈው አገኘ። ቴሌቪዥኑን ከማስረከቡ በፊት የፊልም መተግበሪያዎቹን ከፊት ገጹ ላይ አንስቷቸው ነበር። ከፊት ገጽ ማንሳት ግን ከዓይን መሰወር እንጂ ከአካውንት መውጣት አይደለም። ቴሌቪዥኑ ሩቅ፣ ሪሞቱም በሌላ ሰው እጅ ነው። እንግዲህ ከሩቅ ሆኖ ምን ማድረግ ይቻላል? ቴሌቪዥን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ መልሱ ቴሌቪዥኑ እንደሚሠራበት ሲስተም፣ ማለትም እንደ ጉግል ቲቪ፣ ፋየር ቲቪ ወይም ሮኩ፣ ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት ማወቁ ይበጃል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ዓይነት አካውንት አለ፤ አንዱ የሲስተሙ ሲሆን ሌላው የየመተግበሪያው ነው። አንዱን ማላቀቅ ሌላውን ያላቅቃል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከሩቅ ለማላቀቅ እኔ የምመርጠው የአማዞኑን ፋየር ቲቪ ነው። በአማዞን ድረ ገጽ «Manage Your Content and Devices» የሚለውን ከፍታችሁ፣ በዝርዝሩ ውስጥ መሣሪያውን መርጣችሁ «Deregister» ትላላችሁ፤ መሣሪያው ከአካውንታችሁ ይሰረዛል። መሣሪያው በእጃችሁ ከሆነም ይኸው ቃል በቅንብሩ የአካውንት ክፍል ውስጥ አለ። ችግሩ የሚመጣው አካውንቱን ጨርሶ መዝጋት ሲፈለግ ነው። የአማዞን አካውንት የመገበያያም አካውንት ስለሆነ፣ ሲዘጋ የግዢ ታሪካችሁና የገዛችኋቸው የኪንድል መጻሕፍት አብረው ይሄዳሉ።

ሮኩ በዚህ በኩል ይሻላል። አካውንቱ ለቴሌቪዥን ብቻ የተከፈተ በመሆኑ ቢዘጋ ኢሜይልም ሆነ ፎቶ አይነካም። መሣሪያውንም my.roku.com ላይ ገብቶ ከአካውንቱ ማላቀቅ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በሮኩ በኩል የምትከፍሉበት ወርኃዊ ደንበኝነት ካለ አስቀድማችሁ ሰርዙት። መሣሪያውን ማላቀቅ ክፍያውን አያቆምም።

በጉግል ቲቪ ከሩቅ መውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ትዕግሥት ይጠይቃል። myaccount.google.com ላይ በደኅንነት ክፍል «Your devices» የሚለው ውስጥ ስልካችሁ፣ ኮምፒውተራችሁና ቴሌቪዥናችሁ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ሁለት ተመሳሳይ ስም ካያችሁ መጨረሻ ጥቅም ላይ የዋለበትን ቀን ተመልክታችሁ ለዩ፤ ከዚያ «Sign out» በሉት። ኢሜይላችሁ፣ ፎቶዎቻችሁና ሰነዶቻችሁ ሁሉ በዚሁ አካውንት ላይ ስለተንጠለጠሉ ለአንድ ቴሌቪዥን ብላችሁ እርሱን ማጥፋት አይታሰብም። ስለዚህ ጉግል ቲቪ ለምትገዙ ምክሬ ይህ ነው፤ ገና ስትጀምሩ ለቴሌቪዥኑ ብቻ የሚሆን ሌላ የጉግል አካውንት ክፈቱ። መለያየት ሲመጣ ያንን ብቻ ማጥፋት ይበቃል።

የመተግበሪያዎቹ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ጓደኛዬን ያስቸገረው አገልግሎት ኔትፍሊክስ ቢሆን ኖሮ፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል። በድረ ገጹ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የትኛው መሣሪያ፣ መቼ፣ በየትኛው ፕሮፋይል እንደተከፈተ ያያል። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፤ አሮጌውን የሚያውቅ ሰው ካለ ወዲያው ተመልሶ ሊገባ ይችላልና። ከዚያ «Sign out of all devices» ይላል። ትእዛዙ ሁሉም መሣሪያ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ካርቱኑ ወዲያው ባይቆም አይደናገጥ። የራሱ ስልክም ይወጣበታል፤ በአዲሱ የይለፍ ቃል መግባት ነው።

ደንበኝነትን መሰረዝና አካውንትን ማጥፋትም አንድ አይደሉም። የኔትፍሊክስን ደንበኝነት ብትሰርዙ የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅ ታያላችሁ፤ የአካውንቱ መረጃና ያያችኋቸው ፊልሞች ታሪክ ደግሞ ተመልሳችሁ ብትመጡ ተብሎ ለወራት ይቆያል። ቀደም ብሎ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ለይታችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ቴሌቪዥኑ ገና በእጃችሁ ከሆነ ግን ሦስቱም ላይ መንገዱ አንድ ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ «Factory reset»፣ በፋየር ቲቪ ደግሞ «Reset to Factory Defaults» የሚለውን ተጫኑ። የሲስተሙንም የመተግበሪያዎቹንም መግቢያ አንድ ላይ ይጠርጋል። ሲጨርስ እንደ አዲስ ቋንቋ እንድትመርጡ የሚጠይቅ ገጽ መምጣቱን በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ ለገዢው አታስረክቡ።