ሁለተኛ ወፍጮ መግዛት ወይስ የቅዳሜን ዋጋ ከማክሰኞ መለየት?

ደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ወፍጮ ቤት ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ቅዳሜ ሰልፉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ፤ ሁለተኛ ወፍጮ ልግዛ?» መልሴን ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ለጊዜው አትግዙ። መጀመሪያ የገበያ ቀኑን ዋጋ ከባዶው ቀን ዋጋ ለዩ። ከዚያ በኋላም ሰልፉ አልቀንስ ካለ፣ ያኔ ስለ መግዛት እናወራለን።

ወፍጮ የሚሸጡ ሰዎች የሚነግሯችሁ የሞተሩን ጉልበትና በሰዓት የሚፈጨውን መጠን ነው። እሱን እዚህ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ የማሽኑ ወጪ በየትኛው ቀን ደንበኛ ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ሂሳቡን አንድ ወፍጮ ይዘን እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ስለሆነ የራሳችሁን ተክታችሁ አስሉ። ወፍጮው በቀን ቢበዛ 20 ኩንታል ይፈጫል። አርብ የከተማው ሰው ለሰንበት ያስፈጫል። ቅዳሜ ደግሞ የገጠሩ ሰው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ይመጣል። በሁለቱም ቀን 28 ኩንታል ይመጣል እንበል። 8ቱ ኩንታል ሳይፈጭ ይመለሳል፣ ወይም ሌላ ጋ ይሄዳል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግን በቀን 8 ኩንታል ብቻ ነው። እሁድ ዝግ ነው። ዋጋው በማንኛውም ቀን በኪሎ 4 ብር ነው። አንድ ኪሎ ለመፍጨት ለመብራት፣ ለሠራተኛና ለድንጋዩ ማለቅ የሚወጣው 2 ብር ከ50 ነው። ስለዚህ ከኪሎ 1 ብር ከ50 ይተርፋል። በሳምንት አርብና ቅዳሜ 40 ኩንታል፣ በቀሩት ቀናት 32 ኩንታል ይፈጫል፤ የሚተርፈው 10,800 ብር ነው።

አሁን ሁለተኛውን ወፍጮ እንግዛ። ከነሞተሩ፣ ከነመስመር ዝርጋታው 360,000 ብር ፈጀ እንበል። 6 ዓመት ካገለገለ በዓመት 60,000 ብር ያልቃል። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢሠራበት 15 በመቶ ያስገኝ ከነበረ 54,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል፤ «ገንዘቡ የራሴ ነው» ይላል። የራስ ገንዘብም ቢሆን ወለድ ይጠይቃል። ለተጨማሪ ቦታና ለእድሳት 26,000 ብር ጨምሩበት። በዓመት 140,000 ብር፣ በ50 የሥራ ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 2,800 ብር ነው። ወፍጮው ፈጨም አልፈጨም ይህ ወጪ አይቀርም።

ታዲያ ሁለተኛው ወፍጮ ምን ይሠራል? ከሰኞ እስከ ሐሙስ የመጀመሪያውም ወፍጮ ግማሽ ቀን እንኳ ስለማይሠራ፣ አዲሱ ተሸፍኖ ይውላል። የሚፈለገው አርብና ቅዳሜ ለተረፈው 16 ኩንታል ብቻ ነው። 1,600 ኪሎ በ1 ብር ከ50 ሲባዛ 2,400 ብር ነው። ወጪው 2,800 ነው። በየሳምንቱ 400 ብር ታጣላችሁ። ይህም ተርፎ የነበረው እህል በሙሉ አዲስ ገቢ ነው ብለን ነው። በእውነቱ ቅዳሜ ሰልፍ ሰልችቶት ከሄደው መሃል ሰኞ ተመልሶ የሚመጣ አለ። የእሱን እህል ያለ አዲስ ወፍጮም ትፈጩት ነበር።

ሁለተኛው አማራጭ የሚፈልገው ሰሌዳና ጠመኔ ነው። አርብና ቅዳሜ በኪሎ 5 ብር፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ 3 ብር ከ50። በ5 ብር የአርብና የቅዳሜው 28 ኩንታል ወደ 20 ወረደ እንበል። ወፍጮው እንደ ድሮው ሙሉ ነው፣ ግን ከኪሎ 2 ብር ከ50 ይተርፋል። 40 ኩንታል 10,000 ብር ሆነ። ከቀነሰው 16 ኩንታል 10ሩ ወደ ባዶዎቹ ቀናት ቢዛወር፣ እዚያ 42 ኩንታል በ1 ብር ትርፍ 4,200 ብር ነው። ድምሩ 14,200 ብር። አንድም ሰው ባይዛወር እንኳ 13,200 ነው። ሁለት ወፍጮ በአንድ ዋጋ ግን የሳምንቱ ወጪ ሲቀነስለት 10,400 ላይ ይቀራል።

ማክሰኞን እስከዚህ ማርከስ ብዙዎችን ያስፈራል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ማክሰኞ አንድ ኩንታል ቢጨመር አዲስ ወፍጮ አያስገዛም። ቆሞ የዋለውን ያሠራል እንጂ። ያስወጣችሁት መብራቱና ጉልበቱ ብቻ ነው። ቅዳሜ የተጨመረ ኩንታል ግን ሁለተኛ ማሽን የሚያስገዛችሁ እሱ ነው። የማሽኑን ዋጋ መሸከም ያለበትም የቅዳሜው ደንበኛ ነው። ይህን ነገር ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ማርሴል ቧቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለመብራት ኃይል በሂሳብ አስቀምጦታል። መብራትም እንደ ወፍጮ ነው፤ ጄነሬተሩ የሚተከለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚያበራበት ሰዓት ነው።

የዋጋው ልዩነት ግን ልክ አለው። ቅዳሜን 6 ብር፣ ሐሙስን 2 ብር ከ60 አድርጉትና እዩ። ግርግሩ ተነስቶ ሐሙስ ላይ ይሰፍራል፤ ቅዳሜ ወፍጮው ባዶውን ይዞራል። ምልክቱ ቀላል ነው። የሐሙስ ሰልፍ ከቅዳሜው ከረዘመ አልፋችሁ ሄዳችኋል። ያኔ ሐሙስም የማሽኑን ወጪ የሚያስከትል ቀን ስለሆነ ድርሻውን መክፈል አለበት። ሐሙስን ከፍ፣ ቅዳሜን ዝቅ እያደረጋችሁ ሁለቱም ቀን ሞልቶ ሰልፍ የማይኖርበትን ዋጋ ፈልጉ። በአንድ ጊዜ ከ25 ሳንቲም በላይ አታንቀሳቅሱ፤ በየለውጡም ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ደንበኛ ዋጋውን ሰምቶ ቀኑን ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል።

ጎረቤታችሁንም እዩ። ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ወፍጮ ቤቶች በር ላይ ሂዱ። እነሱም ጋ ሰልፍ ካለ የእናንተ 5 ብር ይጸናል። በ4 ብር ባዶ የተቀመጠ ወፍጮ በአቅራቢያችሁ ካለ ግን ደንበኛችሁ ወደዚያ ነው የሚሄደው። እዚያ ሰፈር ውስጥ ወፍጮ በቂ ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛ መግዛት ደግሞ ይብሱን አይታሰብም።

ዋጋ ስትለዩ መጀመሪያ ማክሰኞን አርክሱ፣ ቅዳሜን ቆይታችሁ ጨምሩ። ቅዳሜ በድንገት ከጨመራችሁ ወሬው «የገበያ ቀን ጠብቆ ይዘርፋል» ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የሚዛወሩት ጠላ ጠማቂዎችና እንጀራ ሻጮች ናቸው። ብዙ ያስፈጫሉ፣ ቅርብ ናቸው፣ ሳንቲም ያሰላሉ። አንዲት የጠላ ደንበኛዬ ሰሌዳውን አንብበው «እና ማክሰኞ ከመጣሁ በኩንታል 150 ብር ይቀርልኛል?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላየኋቸውም።

የሚያሳስበኝ ከሩቅ የሚመጣው የገጠር ሰው ነው። ቀን መምረጥ አይችልም፤ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ለእሱ አደራ የሚባል ሦስተኛ መንገድ አበጅቻለሁ። ቅዳሜ እህሉን ያስረክባል፣ እኔ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እፈጨዋለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዱቄቱን ይወስዳል። ዋጋው የማክሰኞው 3 ብር ከ50 ነው። እህሉ ፊቱ ይመዘናል። ኪሎውና የእህሉ ዓይነት ካርቶን ላይ ይጻፋል፤ ካርቶኑ ለሁለት ተቀዶ ግማሹ ከጆንያው አፍ ጋር ይታሰራል፣ ግማሹን ባለቤቱ ይዞ ይሄዳል። ሲመለስ ሁለቱ ቅዳጆች መግጠም አለባቸው። ዱቄቱም ፊቱ ይመዘናል። ይህን ካላጠበቃችሁ አንድ ጆንያ ሲቀያየር እምነቱ በአንድ ቀን ይጠፋል። መሬቱ ደረቅ የሆነና አይጥ የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋል፤ በክረምት ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጥ።

ርካሹን ቀን ስትመርጡ በዓሉን አትርሱ። ሰው እህል ማስፈጨት በማይወድበት በዓል ቀን ዋጋ ብታወርዱ ማንም አይመጣም። በተቃራኒው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሽሮ ግርግር አለ፤ ለዘመን መለወጫና ለገና ዋዜማም እንዲሁ። በእነዚያ ሳምንታት ማክሰኞም ቅዳሜ ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ያንን ሳምንት ይከተል።

የባዶ ቀን ሌላ ጥቅሙ ጥገና ነው። ድንጋዩን መውቀር ሰኞ ጠዋት ይሁን። ቅዳሜ በተጣደፈ ወፍጮ እህሉን ከልክ በላይ ሲለቁበት ዱቄቱ ሻካራ ይወጣል፣ ይግላልም። ሰልፉን በዋጋ ስታቀልሉ ይህም አብሮ ይቀራል።

አሁን ወደ መግዛቱ። 5 ብር እያስከፈላችሁ፣ አደራውንም እየተቀበላችሁ አሁንም ሰልፍ ካለ፣ ዋጋው ራሱ ግዙ እያላችሁ ነው። ልኩ እንዲህ ይሰላል። 2,800ን ለ2 ብር ከ50 ስናካፍል 1,120 ኪሎ ይመጣል። አርብና ቅዳሜ በእያንዳንዳቸው 6 ኩንታል ያህል በ5 ብር ልክፈል እያለ የሚመለስ ሰው ካለ፣ ሁለተኛው ወፍጮ ወጪውን ይችላል። መቁጠሪያው ደብተር ነው፤ የተመለሰውን ሰው ከነኪሎው ጻፉ። ከዚያ በታች ከሆነ አሁንም ተዉት።

የምትገዙ ከሆነ ገንዘባችሁን የሚበላው ሞተሩ ነው። አንድ ጎረቤቴ በርካሽ ያገኘው ሞተር አዲስ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበትም ከእኔው ጋር እኩል ነበር። በጥቂት የገበያ ቀናት ተቃጠለ። ሲከፈት ጥቅልሉ መዳብ ሳይሆን አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ይዛችሁ ሂዱ። የጥቅልሉን ሽቦ ፋቅ አድርጎ ይየው፤ ከቀለሙ ስር ብር የሚመስል ከወጣ መዳብ አይደለም። እኩል ጉልበት አለው ከተባለ ሞተር ጋር ክብደቱንም አወዳድሩ፤ በጣም የቀለለውን ተጠራጠሩ። ኩሽኔታ ስትገዙ ጽሑፉን በላምባ በረጠበ ጨርቅ እሹት። ከለቀቀ ቅጂ ነው። ሁለቱን ሞተሮች በድሮው መስመር ላይ አታንጠልጥሉ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ሁለቱም ብዙ ከረንት ይስባሉ፣ ይግላሉ፤ አዲሱ ብቻ ሳይሆን ደህናው አሮጌው ሞተራችሁም አብሮ ይቃጠላል።